ሀብል ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ፔንዳንት አይደለም፤ ጌጥን ከመቆለፊያው፣ ከፈርጥ መያዣውና ከሆልማርኩ እንዴት እንደምለይ

የቆዩ ጌጣጌጦችን ለጨረታና ለውርስ ክፍፍል እየለየሁ እመዘግባለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ወርቅ ነው ወይ፣ ስንት ካራት ነው የሚለውን ነው። እኔ ግን ከዛ በፊት የምመልሰው ጥያቄ አለ፣ ጌጡ ሲሰራ ምን እንዲሆን ነው የተሰራው? ብሮሽ ነው፣ ፔንዳንት ነው፣ አምባር ነው ወይስ የሌላ ነገር ቁራጭ? ይሄን ሳይለዩ ወደ ካራት የሄዱ ሰዎች የተለወጠን እቃ እንደ መጀመሪያው አድርገው ሲገዙና ሲሸጡ ብዙ አይቻለሁ፣ ስለዚ እኔ የምሄድበትን መንገድ በዝርዝር ልጻፈው፣ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ጌጡን ገልብጡት። ፊቱ የሚነግራችሁ ሰሪው ሰው እንዲያይለት የፈለገውን ነው፣ ጀርባው ግን እቃው እንዴት እንደተሰራ፣ ሰውነት ላይ በምን እንደተያዘና በኋላ ማን እንደነካካው ያሳያል። ጀርባው ላይ ሶስት ምስክሮች አሉ፣ መቆለፊያው፣ የፈርጡ አያያዝና ሆልማርኩ፣ ማለትም የወርቁን ወይም የብሩን ንጥረት ለማሳየት የሚመታው ማህተም። ሶስቱ አንድ አይነት ታሪክ ከተናገሩ ስራው ቀላል ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ ደግሞ የትኛው በኋላ እንደመጣ መፈለግ ነው፣ የእኔ ስራ አብዛኛው እሱ ነው።

የሚያስፈልገው እቃ ትንሽ ነው። አስር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ከጎን የሚበራ ትንሽ መብራት (ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጭረትን ያጠፋዋል፣ ከጎን ሲሆን ግን እያንዳንዱ የሞረድ ምልክት ጥላ ይጥላል)፣ ሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ ሚዛንና ማግኔት። ማግኔቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብሮሽ መርፌው ላይ ወይም የሀብል መቆለፊያው ላይ ከሳበ ወዲያው ፎርጅድ ነው አትበሉ። በመቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ብዙ ጊዜ የብረት ናት፣ የብሮሽ መርፌም ከወርቅ ሲሰራ ቶሎ ስለሚጣመም በብረት የሚሰራበት ጊዜ አለ። ዋናው አካል ከሳበ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከመቆለፊያው እንጀምር፣ ምክንያቱም የጌጡን አይነት የሚወስነው እሱ ነው። ልብስ ወግቶ የሚያዝ መርፌ ካለው ብሮሽ ነው። ከላይ ሰንሰለት የሚያልፍበት ቀለበት ካለው ፔንዳንት ነው። በእጅ ላይ የሚውል ሆኖ የማይተጣጠፍ ደረቅ ክብ ከሆነ ባንግል የሚባለው ድፍን አምባር ነው፣ በመገጣጠሚያ እየተያያዘ የሚተጣጠፍ ከሆነ ደግሞ ብራስሌት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው መቆለፊያው ዛሬ ያለው መጀመሪያ የነበረው ሳይሆን ሲቀር ነው፣ እና ጌጣጌጥ ላይ እንደ መቆለፊያ የሚቀየር ነገር የለም፣ የሚሰበረው እሱ ነው፣ ፋሽን ሲያልፍም የሚነሳው እሱ ነው።

የብሮሽ መቆለፊያ ጥሩ የዘመን ምልክት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰሩት አብዛኞቹ ያላቸው በእንግሊዝኛው የሲ ፊደል ቅርጽ የታጠፈ ቀላል ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው፣ መርፌው ከስሩ ገብቶ ያርፋል፣ የሚቆልፈው ምንም ነገር የለም። በዛ ዘመን መርፌው ራሱ ረጅም ነበር፣ ከመያዣው አልፎ አንዳንዴም ከጌጡ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል፣ ረዝሞ ልብሱ ውስጥ ተመልሶ እንዲገባና እንዳይወልቅ ነው። ማጠፊያውም ረዘም ያለ ቱቦ ይመስላል። በአውሮፓ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ትሮምቦን የሚባል አለ፣ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቱቦ ይንሸራተታል፣ ስባችሁ ታወጡታላችሁ፣ መርፌው ይገባል፣ መልሳችሁ ትገፉታላችሁ። አሁን ሁላችንም የምናውቀው ተሽከርካሪ ክዳን ያለው የሴፍቲ መቆለፊያ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ስለዚ ሙሉ በሙሉ የቪክቶሪያ ዘመን የሚመስል ብሮሽ የሴፍቲ መቆለፊያ ካለው ወይ መቆለፊያው ተቀይሯል ወይ ብሮሹ ራሱ በኋላ በድሮ ስታይል የተሰራ ነው። የትኛው እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ? ከመቆለፊያው ስር እዩ። የተቀየረ ከሆነ ብዙ ጊዜ በትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበየደው፣ በዙሪያው የብየዳ ፍሳሽ ይታያል፣ ማጠፊያው ግን በሌላው ጫፍ ያ የድሮው ረጅም ቱቦ እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱ ጫፎች የተለያየ ዘመን ከሆኑ ጥገና ነው፣ ጥገና ደግሞ ነውር አይደለም፣ መጻፍ ብቻ ነው ያለበት።

አሁን መርፌው ጭራሽ የሌለበት ሁኔታ ይምጣ፣ እኔ ጋር ብዙ የሚመጣው ይሄ ነው። ሰው ብሮሽ አያደርግም፣ ሀብል ግን ያደርጋል፣ ስለዚ የእናት ወይ የአያት ብሮሽ ይወሰድና መርፌውና መያዣው ተነቅለው፣ ጀርባው ተሞርዶ፣ ከላይ ቀለበት ተበይዶለት ፔንዳንት ይሆናል። የተነቀለ ነገር ግን ጠባሳ ይተዋል። ሁለት ጠባሳ ፈልጉ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ አንዱ የማጠፊያው አንዱ የመያዣው። እንደ ቦታቸው ብዙ ይናገራሉ፣ ምክንያቱም የብሮሽ መርፌ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በትክክል መሀል ላይ ሳይሆን ከመሀል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ መሀል ላይ ወይም ዝቅ ብሎ ቢሆን ጌጡ ልብስ ላይ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚ ጠባሳዎቹን በሀሳባችሁ በመስመር ስታገናኟቸው መስመሩ የጌጡን ላይና ታች ይነግራችኋል፣ መጀመሪያ ሲለበስ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ አይነት አለ፣ ገና ሲሰራ ሁለቱንም እንዲሆን የታሰበ። በተለይ 1900 አካባቢና ከዛ በኋላ የተሰሩ ብዙ ጌጦች መርፌው በብሎን ወይም በመሰኪያ ይወልቃል፣ ከኋላ ደግሞ የምትታጠፍ ትንሽ የሰንሰለት ቀለበት አለች፣ ብሮሽ ሲሆን ተደብቃ ትተኛለች፣ ፔንዳንት ሲሆን ትነሳለች። እነዚህን እንደተለወጡ አድርጎ መመዝገብ ለእቃው በደል ነው። ልዩነቱ የሚታየው በጥራቱ ነው፣ ቀለበቷ ከጌጡ ጋር አንድ አይነት ቀለም ናት፣ የራሷ ማጠፊያ አላት፣ ከኋላዋ ያለው ወርቅ ሳይቧጠጥ ለስላሳ ነው፣ ስታንጠለጥሉትም ጌጡ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በኋላ የተበየደ ቀለበት ግን ብዙ ጊዜ አይታጠፍም፣ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

የፈርጡ አያያዝ ጋ ስንመጣ፣ እኔ በዋናነት የማየው ጀርባው ክፍት ነው ዝግ የሚለውን ነው። ዝግ ከሆነ ድንጋዩ ከኋላ በብረት ተሸፍኗል፣ ብርሃን አይገባውም፣ ለዚህም ነው ከስሩ የሚያብረቀርቅ ፎይል የሚደረግለት። እስከ 1800 አካባቢ ዝጉ ነበር የተለመደው፣ ከዛ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክፍቱ እየበዛ ሄደ፣ ዝጉ ግን ወዲያው አልጠፋም፣ በተለይ ጋርኔት በሚባለው ቀይ ድንጋይ ላይ ብዙ ቆይቷል። ስለዚ ዝግ ጀርባ ብቻውን ዓመት አይሰጣችሁም፣ ከመቆለፊያው ጋር ሲደመር ግን ይረዳል። እና እባካችሁ፣ ዝግ ጀርባ ያለውን ጌጥ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ አልትራሳውንድ ማጽጃ ውስጥም አትክተቱት። ውሃው በጠርዝ ገብቶ ፎይሉን ያጠቁረዋል፣ ድንጋዩ ሳይነካ ህይወቱ ይጠፋል፣ መመለሻም የለውም። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

አያያዙ ስለ ጌጡ አይነትም ይናገራል። ብሮሽ ልብስ ላይ ተረጋግቶ ስለሚቀመጥ ሰሪው ከፍ ያለ ድንጋይና ስስ ሉል ሳይፈራ ያደርግበታል። ቀለበትና አምባር ግን ቀኑን ሙሉ ከነገር ጋር ይጋጫሉ፣ ስለዚ እዛ ላይ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ በብረት ተከቦ ነው በአብዛኛው የሚገኘው። ቀለበት ተብሎ የመጣ ጌጥ ላይ በጣም ስስ የሆኑ ግማሽ ሉሎች ከፍ ብለው ካያችሁ ከመርፌ ወይም ከብሮሽ ተነቅሎ ቀለበት የተደረገ ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ከድንጋዩ ስር ወዳለው መገናኛም ሉፑን አዙሩ።

ወደ ሆልማርክ። እዚህ ላይ አንድ መመሪያ አለኝ፣ ማህተም የሚናገረው ስለተመታበት ቁራጭ ብቻ ነው። የሀብሉ መቆለፊያ ላይ 750 የሚል ካለ መቆለፊያው 18 ካራት ነው ማለት ነው፣ ፔንዳንቱ ምን እንደሆነ ገና አልተነገረም። መርፌው ላይ ያለው ማህተም ስለ መርፌው ነው። ሰው ይሄን ይረሳና አንድ ቁጥር ሲያገኝ ለሙሉው እቃ ይሰጠዋል። ስለዚ ማህተም ሳገኝ የምጽፈው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ነው፣ "አካሉ ጠርዝ ላይ"፣ "ቀለበቷ ላይ"፣ "የመቆለፊያው ምላስ ላይ" እያልኩ።

የብሪታኒያን ማህተም እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ ሲስተሙ በደንብ የተመዘገበ ስለሆነ ብዙ ነገር ይነበብበታል። ሙሉ ማህተም ሲሆን የሰሪው የስም ፊደላት አሉ፣ የንጥረት ቁጥር አለ፣ የመረመረው ቢሮ ምልክት አለ፣ ብዙ ጊዜም ዓመቱን የሚያሳይ ፊደል አለ። መልህቅ ካያችሁ በርሚንግሃም ነው፣ የነብር ፊት ከሆነ ለንደን፣ ግንብ ከሆነ ኤድንብራ። የዓመት ፊደል ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ፊደላቱ አልቀው እንደገና ከመጀመሪያው ስለሚጀምሩ አንድ ፊደል በተለያየ ዘመን ይደጋገማል፣ የሚለየው የፊደሉ አጻጻፍና የተቀመጠበት የጋሻ ቅርጽ ነው፣ ሁለቱንም ሳታዩ ሰንጠረዥ አትክፈቱ። ካራቱ ራሱም ዘመን ይሰጣል። 9፣ 12 እና 15 ካራት በብሪታኒያ የተፈቀዱት በ1854 ነው፣ 12ና 15 ደግሞ በ1932 ቀርተው 14 ካራት ተተካ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይሄ ማለት 15 እና .625 የተመታበት የብሪታኒያ ጌጥ ከነዚህ ሁለት ዓመቶች መሀል ነው፣ ፊደሉ ባይነበብ እንኳ።

ማህተም ከሌለስ? ማህተም የለውም ማለት ወርቅ አይደለም ማለት አይደለም። ብዙ የድሮ ጌጦች ሳይመቱ ቀርተዋል፣ ዛሬም በብሪታኒያ ህግ ከ1 ግራም በታች የሆነ ወርቅና ከ7.78 ግራም በታች የሆነ ብር ሆልማርክ አይገደድም። ተገላቢጦሹም አለ፣ ማህተም ስላለ ብቻ እውነት አይሆንም። የተመታ ማህተም በሉፕ ሲታይ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ከስሩ ወለሉ ንጹህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ብረቱ ከኋላ በኩል በትንሹ አብጦ ይገኛል። ከእውነተኛ እቃ ሻጋታ ተወስዶ የተቀዳ ከሆነ ግን ማህተሙም አብሮ ይቀዳል፣ ጠርዙ ክብ ይሆናል፣ ፊደሎቹ ውስጥ እንደ አሸዋ የመሰለ ሸካራ ነገር ይታያል። አንዴ ሁለቱን ጎን ለጎን ካያችሁ በኋላ አይጠፋችሁም።

እሺ፣ አሁን አንድ እቃ ይዘን ሁሉንም እንሞክረው። ከአንድ ቤተሰብ የውርስ ሳጥን የመጣ ነው፣ ዝርዝራቸው ላይ "የወርቅ ፔንዳንት ከነሰንሰለቱ፣ 14 ካራት" ይላል። ሞላላ ነው፣ 34 በ27 ሚሊሜትር፣ መሀሉ ላይ ሳይጠረብ እንደ ጉልላት የተለሰለሰ ጥቁር ቀይ ጋርኔት፣ ዙሪያውን ግማሽ ሉሎች። በቁመቱ ነው የተንጠለጠለው፣ ጠባቡ ጫፍ ወደ ላይ። ካመጡልኝ እህትማማቾች ትልቋ "እማማ ሁሌ አንገቷ ላይ ነበር የምታደርገው፣ ፔንዳንትነቱ ምን ጥያቄ አለው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እናትየው እንደዛ ነው ያደረገችው። እኔ ግን የምፈልገው ከእናትየው በፊት የነበረውን ነው።

ገለበጥኩት። ከኋላ መሀሉ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትንሽ ክፍል አለ፣ ውስጡ የተጎነጎነ ጸጉር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚወዱትን ሰው ጸጉር በጌጥ ጀርባ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር፣ ብሮሽ ላይም ሎኬት በሚባለው ተከፋች ፔንዳንት ላይም ይደረጋል፣ ስለዚ ይሄ ብቻውን አይነቱን አይወስንም። የሚወስነው ከመስታወቱ በላይ ጠርዙ ላይ የተቀረጹት ሁለት የስም ፊደላት ናቸው። ጌጡን በተንጠለጠለበት አቅጣጫ ስይዘው ፊደላቱ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ወደ አግድም ሳዞረው ቀጥ አሉ። የቀረጸው ሰው ጌጡን በአግድም ነው ያየው ማለት ነው።

ከዛ ብርሃኑን ከጎን አመጣሁ። በረጅሙ አቅጣጫ በሁለቱም ጫፍ የደበዘዘ ቦታ አለ፣ ሌላው ጀርባ በዘመን ብዛት ለስላሳና ሞቅ ያለ ቀለም ይዟል፣ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ግን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን የሞረድ ጭረቶች አሏቸው። አንዱ ረዘም ያለ ነው፣ ወደ 9 ሚሊሜትር፣ የቱቦ ማጠፊያ ያረፈበት ልክ። ሌላው ትንሽ ነው፣ የሲ መያዣው ስር። በመስመር ሳገናኛቸው መስመሩ ከመሀል ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ስም ፊደላቱ በኩል ከፍ ይላል። ፊደላቱም መርፌውም ላይኛው ጎን የቱ እንደሆነ ተስማሙ። ብሮሽ ነበር።

ማህተሙን ፈለግኩ። በጠርዙ ታችኛ በኩል በአንድ መስመር የሰሪ ፊደላት፣ 15፣ .625፣ መልህቅ አለ፣ የዓመቱ ፊደል ግን ከሞረዱ ጋር ግማሹ ሄዷል። መለወጫው ያጠፋው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ትክክለኛውን ዓመት ማንበብ አልተቻለም። ቢሆንም 15 ካራት ስለሆነ ከ1854 እስከ 1932፣ በርሚንግሃም፤ የተነቀለው የሲ መያዣና የቱቦ ማጠፊያው፣ ዝግ ጀርባው፣ የጸጉር ክፍሉ አንድ ላይ ሲታዩ ደግሞ ከዚህ ክልል ወደ መጀመሪያው አጋማሽ ይስቡታል። እኔ "19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ከዛ በላይ ማጥበብ የሌለኝን ማስረጃ እንዳለኝ ማድረግ ነው።

ታዲያ 14 ካራቱ ከየት መጣ? ሰንሰለቱ የሚያልፍባት ማንጠልጠያ ቀለበት ላይ 585 ተመቷል፣ ሰንሰለቱ መቆለፊያ ላይም 585፣ መቆለፊያውም ሎብስተር የሚባለው የሸርጣን ጥፍር የመሰለ በስፕሪንግ የሚዘጋው ነው፣ ያ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢ ነው የተለመደው። 585 የ14 ካራት ቁጥር ነው። አካሉ ግን 15 ካራት ነው። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ቀለበቷን አንብቦ ለሁሉም ሰጠው። እዚህ ላይ ልዩነቱ አንድ ካራት ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ግን በዚህ እቃ ላይ ከወርቁ ክብደት በላይ ዋጋ ያለው የ15 ካራት ማህተሙ ነው፣ ዘመኑን የያዘው እሱ ነዋ። ተቃራኒው ቢሆንስ፣ ቅብ የሆነ አካል ላይ የ18 ካራት ቀለበት ቢበየድ? እሱም ይመጣል።

የመጨረሻው ምልክት ቀለበቷ ስር ነው። በብየዳው ዙሪያ ወርቅ የማይመስል ግራጫ ነገር አለ፣ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ሲነካ ደብዘዝ ያለ፣ ለስላሳ። የእርሳስ ብየዳ ነው። ለምን በወርቅ ብየዳ አልሰራውም? ሉሎቹንና ጋርኔቱን ፈርቶ ነው። የወርቅ ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ በዛ ሙቀት ሉል ይቃጠላል፣ ፎይሉም ጸጉሩም ያልቃል። እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ብየዳ ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚ የለወጠው ሰው ድንጋዮቹን ሳያወጣ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረሰው። ይሄም በራሱ ማስረጃ ነው፣ ጌጡን መጀመሪያ የሰራው ሰው ቀለበት ቢፈልግ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት በወርቅ ይበይደው ነበር፣ ግራጫ ብየዳ ድንጋይ ባለበት ጌጥ ላይ ሲታይ በኋላ የመጣ እጅ ነው።

መዝገቡ ላይ የገባው እንዲህ ነው፦ "ብሮሽ፣ ወደ ፔንዳንት የተለወጠ። ጋርኔትና ግማሽ ሉል፣ ዝግ ጀርባ፣ ከኋላ የጸጉር ክፍል። አካሉ 15 ካራት፣ በርሚንግሃም፣ የዓመት ፊደሉ በከፊል የተሞረደ። መርፌና መያዣ የተነቀሉ። ማንጠልጠያ ቀለበት 585፣ በኋላ የተጨመረ፣ በእርሳስ ብየዳ። ሰንሰለት ለብቻው 585።" ሰንሰለቱን ለይቼ ነው የመዘንኩት፣ አብሮ ከተመዘነ የሁለት የተለያየ ንጥረት ክብደት ይደባለቃል። ትልቋ እህት አንብባ ስትጨርስ "ታዲያ ብሮሽ ተብሎ ነው የሚካፈለው?" አለች። በመዝገብ ስሙን የሚሰጠው መጀመሪያ የተሰራበት ነው፣ አሁን የሚለበስበት ደግሞ ከጎኑ ይጻፋል፣ ሁለቱም መኖር አለባቸው አልኳት።

አምባር ላይ አሰራሩ ያው ነው ግን የምታዩት ቦታ ይለያል። የሚከፈት ባንግል አንድ በኩል ማጠፊያ በሌላው በኩል ምላስና ሳጥን አለው፣ ምላሷ ታጥፋ ስፕሪንግ የሆነች ቀጭን ብረት ናት፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ቀጭ ትላለች። ምላስ ትደክማለች፣ ትሰበራለች፣ ትቀየራለች። ስለዚ ማህተሙን ምላሷ ላይም ከውስጥ አካሉ ላይም ፈልጉ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አካሉን እመኑ። ከጎን ያለችው ስምንት ቁጥር የመሰለች መያዣ ወይም ቀጭኗ የደህንነት ሰንሰለት ብዙ ጊዜ በኋላ ትጨመራለች፣ ከነሱ ላይ ዘመን አታንብቡ።

ባንግል ላይ ሌላው የሚያታልለው የወርቅ ሽፋን ነው። 1/20 12ኬ ጂኤፍ የሚል ማህተም ካያችሁ፣ 12ቱን ብቻ አይታችሁ 12 ካራት አምባር ነው እንዳትሉ፣ ከጠቅላላ ክብደቱ 20ኛው እጅ ብቻ ነው ባለ 12 ካራት ወርቅ የሆነው፣ ቀሪው ሌላ ብረት ነው። ማህተሙ ከተፋቀ ደግሞ መፈተሻው የሚፋተግበት ቦታ ነው፣ ማጠፊያው ጠርዝ፣ ምላሷ የምትገባበት የሳጥኑ አፍ፣ ከውስጥ በኩል የእጅ አንጓ የሚያገኘው። እዛ ላይ ቀለሙ ወደ ነሀስ ወይም ወደ ግራጫ ከተለወጠ ሽፋኑ አልቋል። ድፍን ወርቅ ቢያልቅም ከስሩ ያው ወርቅ ነው የሚወጣው።

በመጨረሻ፣ የተለወጠ ብሮሽ ይዛችሁ መርፌውን ላስመልስ ብላችሁ ወርቅ ሰሪ ጋ ከሄዳችሁ፣ ከምንም በፊት የእርሳስ ብየዳ እንዳለበት ንገሩት፣ ግራጫውንም በጣታችሁ አሳዩት። እርሳሱ ሳይጸዳ ለወርቅ ብየዳ የሚሆን እሳት ከነካው ወርቁ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፣ ተሞርዶም አይወጣም። መጀመሪያ ድንጋዮቹ ይውጡ፣ ከዛ እርሳሱ እስከመጨረሻው ተፍቆ ይነሳ፣ ከዛ በኋላ ነው እሳት። ይሄን ሁሉ ማድረግ ካልፈለገ ወይም ድንጋዮቹን ማውጣት ከፈራ፣ ጌጡ እንዳለ ቢቀር ይሻላል።